ማስተርስ ወይስ ሰርተፍኬት? የአንዲት የኔትወርክ ኢንጂነር ጉዳይ

ነገሩ የጀመረው በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ነው (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ማታ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ኤምቢኤ ልጀምር ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ" አለች። ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ጠየቅኳት። "ለምን አሁን?" ትንሽ ዝም አለች። "ቲም ሊደር አደረጉኝ፤ አልቻልኩበትም" አለችኝ።

ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። ስሟንም መሥሪያ ቤቷንም አልጠቅስም። ያኔ 36 ዓመቷ ነበር። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በዲቪ መጥታ፣ ፓርኪንግ ሠርታ፣ ማታ ማታ እያጠናች የኔትወርክ ፈተናዎችን አልፋ፣ ዘጠኝ ዓመት በሙያው ቆይታለች። ኑሮዋ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ልጆች አሏት። ባለቤቷ የሌሊት ፈረቃ ነው የሚሠራው። መሥሪያ ቤቷ ለአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በኮንትራት የኔትወርክ አገልግሎት ከሚሰጡት አንዱ ነው። በዚህ አካባቢ ያለ አበሻ የአይቲ ሰው ብዙው ሥራው እንዲህ ያለ ቦታ ስለሆነ፣ የእሷ ጉዳይ ለብዙዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነው። ደሴ ያሉት እናቷ በስልክ መስመር ላይ ናቸው፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ነው። እኔ "ኤምቢኤውን ከመጀመርሽ በፊት ሰርተፍኬቱንም ተመልከቺው" ስል እናትየው ሰሙ። "ምን ሰርተፍኬት? እኔ በሰርተፍኬት ነው 30 ዓመት ያስተማርኩት። ልጄ ዲግሪ ይዛ ወደ ኋላ ትመለስ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። በእሳቸው ዘመን 12ኛ ክፍል ጨርሶ አንድ ዓመት መምህራን ማሠልጠኛ የገባ ሰው የሚያገኘው ሰርተፍኬት ነበር። ከዲፕሎማ በታች፣ ከዲግሪም እጅግ በታች። ቃሉ በአማርኛችን ያንን ደረጃ ይዞ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ስለዚህ ቆም ልበል። እኛ "ሰርተፍኬት" የምንለው አሜሪካ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሁለት ሦስት ቀን ሥልጠና ተወስዶ የሚሰጠው የተሳትፎ ወረቀት ነው። ፈተናም ክሬዲትም የለውም። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ግራጁዌት ሰርተፍኬት ነው። ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል። ኮርሶቹ የማስተርስ ኮርሶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ይሆናሉ። ሦስተኛው የሙያ ማኅበር ፈትኖ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ነው። የፕሮጀክት አመራር ብቃትን የሚያረጋግጠው ፒኤምፒ የዚህ ምሳሌ ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ስም እየጠራን "ከማስተርስ ይሻላል ወይስ አይሻልም?" ብንከራከር መልስ አይገኝም። በደንብ ሳብራራላቸው እናትየውም ለዘብ አሉ። "እንግዲህ ከማስተርሱ የተቆረሰ ከሆነ..." አሉ። እኔም ከዚያ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ከዚያ ሁለት ነገር እንድታመጣልኝ ጠየቅኳት። አንደኛው አልቻልኩበትም ያለችው ምኑን እንደሆነ ነው። በዝርዝር፣ በቀንና በሰዓት። ሁለተኛው ቀጣዩ የሥራ መደብ በወረቀት ላይ ምን እንደሚጠይቅ። ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሳይለዩ ትምህርት ቤት ይመርጣሉ። ሁለቱ ግን የተለያየ መድኃኒት ነው የሚፈልጉት።

የመጀመሪያውን በአንድ ሌሊት ታሪክ ነገረችኝ። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ የአንድ ቅርንጫፍ ቢሮ ራውተር እየቀየሩ ነበር። አዲሱ ራውተር ተነሣ፤ ከዋናው ቢሮ ጋር ግን አልገናኝ አለ። ከቡድኑ ወጣቱ ልጅ `show ip bgp summary` ብሎ የራውተሮቹን የግንኙነት ሁኔታ እያየ ነው። ስክሪኑ ላይ `Active` ይላል። ቃሉ ያሳስታል፤ `Active` ማለት ገና ለመገናኘት እየሞከረ ነው፣ አልተገናኘም ማለት ነው። ልጁ ምክንያቱን እየፈለገ ነበር። እሷ አላስቻላትም። "እስቲ ስጠኝ" ብላ ኪቦርዱን ወሰደች። በአራት ደቂቃ ውስጥ አገኘችው። የጎረቤቱ ራውተር የኤኤስ ቁጥር፣ ማለትም የኔትወርኩ መለያ፣ ሲጻፍ አንድ አኃዝ ተሳስቷል። አስተካከለች፤ ሥራው አለቀ። ልጁ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለእህቷ ሠርግ አዲስ አበባ ሄደች። በሠርጉ ዕለት ስልኳ ጮኸ። ያው ልጅ ነው። ያው ዓይነት ችግር ነው። ከአዳራሹ ወጥታ ደረጃ ላይ ተቀምጣ 40 ደቂቃ በስልክ አሠራችው።

"ያኔ ነው የገባኝ" አለችኝ። ቡድኗ ስድስት ሰው ነው። እሷ ግን የሰባት ሰው ሥራ እየሠራች ነው። ሰው ገምግሞ ፊት ለፊት መናገር ይከብዳታል። ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡ ሁለት ኢንጂነሮች አሉ፤ እነሱን ማዘዝ ነውር ይመስላታል። ስብሰባ ላይ ከአለቃዋ ጋር ስለ ሰው ኃይል ስትከራከር ትሸነፋለች። ይኸው ነው ችግሯ። እንግዲህ የኤምቢኤውን የኮርስ ዝርዝር አንድ ላይ አየነው። አካውንቲንግ፣ ስታቲስቲክስ፣ ማርኬቲንግ፣ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ኦፕሬሽንስ። ሰው ስለመምራት የሚያስተምር አንድ ኮርስ አለ። እሱም ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። ዛሬ የሚያማትን ነገር የሚያክመው ትምህርት ከዓመት በኋላ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ጥያቄ መልሱ ወረቀት ላይ ነበር። በመንግሥት ኮንትራት ሥራ ላይ እያንዳንዱ የሥራ መደብ የተጻፈ መስፈርት አለው። የትምህርት ደረጃ፣ የዓመት ልምድ፣ አንዳንዴ የብቃት ማረጋገጫ። መስፈርቱን የማያሟላ ሰው በዚያ መደብ ቢቀመጥ ኩባንያው ለመንግሥት ሒሳቡን ማቅረብ አይችልም። ስለዚህ አለቃሽ ቢወድሽም ባይወድሽም ሰንጠረዡ ነው የሚወስነው። ብዙ ሰው ይህን ሰንጠረዥ አይቶት አያውቅም። እሷም አላየችውም ነበር። የኮንትራት ክፍሉን ጠየቀች፤ ሰጧት።

ቀጣዩ መደብ ፕሮጀክት ማኔጀር ነው። የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ስምንት ዓመት ልምድና ፒኤምፒ ነው። ማስተርስ የሚል የለም። ከዚያ በላይ ያለው ፕሮግራም ማኔጀር ግን ማስተርስና 10 ዓመት፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና 15 ዓመት ይላል። በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ማስተርስ ዋጋው አምስት ዓመት ነው። ግን የሚያስፈልገው ለቀጣዩ ደረጃ ሳይሆን ከቀጣዩ ለሚቀጥለው ነው። ይህን ስታይ ፊቷ ፈካ። እኔ ራሴ ኤምቢኤ ስጀምር እንዲህ ያለ ወረቀት ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ሦስት ዓመት ተኩል ተምሬ፣ ዕዳውን ለመክፈል ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። በትምህርቱ አልቆጨኝም፤ በሰዓቱ ግን ይቆጨኛል።

ሒሳቡ ደግሞ እንዲህ ነበር። ኤምቢኤው 48 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት 1,100 ዶላር። በድምሩ 52,800። በሴሚስተር ሁለት ኮርስ፣ በክረምት አንድ እየወሰደች ከሦስት ዓመት ትንሽ ይበልጣል። የማኔጅመንት ግራጁዌት ሰርተፍኬቱ 15 ክሬዲት፣ ማለትም አምስት ኮርስ ነው። አንዱ ክሬዲት 900 ዶላር ስለሆነ ጠቅላላው 13,500 ይመጣል።

መሥሪያ ቤቷ ትምህርት ይከፍላል፤ ግን በዓመት 5,250 ዶላር ብቻ። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ የግብር ሕግ ክፍል 127 መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም፤ ግብርም አይነካውም። አሠሪው የተጻፈ ዕቅድ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ኩባንያዎች ጣሪያቸውን እዚያው ላይ ያደርጉታል። ዋናው ነገር ዓመቱ የትምህርት ዓመት ሳይሆን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሰርተፍኬቱን በሁለት መንገድ አሰላነው። በመጸው 2022 ሁለት ኮርስ፣ በ2023 ሦስት ኮርስ ብትወስድ ቶሎ ትጨርሳለች። ግን በ2022 ከጣሪያው በላይ 150፣ በ2023 ደግሞ 2,850 ዶላር ከኪሷ ይወጣል። በድምሩ 3,000። በየሴሚስተሩ አንድ አንድ ኮርስ ብትወስድስ? በ2022 አንድ ኮርስ፣ 2,700፤ ሙሉው ይከፈልላታል። በ2023 ሁለት ኮርስ፣ 5,400፤ 150 ትጨምራለች። በ2024 ሁለት ኮርስ፤ እንደገና 150። ጠቅላላ ከኪሷ የሚወጣው 300 ዶላር ነው። ትምህርቱ ስምንት ወር ያህል ይረዝማል። ሁለት ልጅ ላላትና ባሏ ሌሊት ለሚሠራ ሴት ግን አንድ ኮርስ በራሱ በሳምንት ዘጠኝ አሥር ሰዓት ይበላል። መዘግየቱ ኪሳራ አልነበረም።

ኤምቢኤው ላይ ተመሳሳዩን ሒሳብ ስንሠራ፣ አራት የካላንደር ዓመት ቢነካ እንኳ መሥሪያ ቤቱ የሚሸፍነው 21,000 ነው። የቀረው 31,800 ብድር ነው።

ሁለት ነገር አስጠነቀቅኳት። ገንዘቡ ቀድሞ አይሰጥም። ራስሽ ከፍለሽ፣ ቢ እና ከዚያ በላይ ስታመጪ ነው የሚመለሰው። ደግሞም ከተከፈለሽ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ብትለቂ ትመልሻለሽ። ይህ በመሥሪያ ቤቷ የትምህርት መመሪያ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ያጣራነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ በጽሑፍ ጠየቀችው። "እነዚህ 15 ክሬዲቶች በኋላ ማስተርስ ብገባ ይያዙልኛል ወይ?" መልሱ በኢሜይል መጣ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ 36 ክሬዲት ያለው የማኔጅመንት ማስተርስ አለ። ሁሉም ኮርስ ቢ እና ከዚያ በላይ ከሆነ 15ቱም ይያዛሉ። ግን ከመጀመሪያው ኮርስ አንሥቶ በስድስት ዓመት ውስጥ ማስተርሱ ማለቅ አለበት። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሄደች የሚቀበላት ስድስት ክሬዲት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበልም። በስልክ የተነገረ ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው ሰው ስለማይኖር ኢሜይሉን አስቀምጪው አልኳት። አስቀመጠችው።

መሥሪያ ቤቷ አንድ የሦስት ቀን የሊደርሺፕ ሥልጠናም አቅርቦላት ነበር፣ 2,400 ዶላር የሚያወጣ። ሆቴል ውስጥ ነው፤ መጨረሻ ላይ ወረቀት ይሰጣል። ክሬዲት የለውም፤ ሰንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም፤ ሰኞ ሥራ ስትመለስ የሚከታተላት ሰው የለም። ተወችው።

ማመልከቻው ከታሰበው በላይ አስቸገረ። ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ዲግሪዋ በየኮርሱ እንዲገመገም ፈለገ። ለዚያ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ከሬጅስትራር መምጣት አለበት። በየካቲት ጀመረች። ወንድሟ አዲስ አበባ ሆኖ የተማረችበት ተቋም ደጅ ስንት ቀን ተመላለሰ! አንዴ የሚፈርሙት ሰው የሉም፤ አንዴ ፋይሉ አልተገኘም። በመጨረሻ ሰኔ ላይ ደረሰ። የማመልከቻው ቀን ሊያልቅ 11 ቀን ቀርቶት ነበር። ትምህርት የሚያስብ ሰው ሌላው ሁሉ ሳይወሰን ትራንስክሪፕቱን አስቀድሞ ያስልክ። ለሥራም ይጠቅማል። ያልተገመገመ የውጭ ዲግሪ በመንግሥት ኮንትራት ላይ እንደ ዲግሪ ላይቆጠር ይችላል።

በመጸው 2022 ሰርተፍኬቱን ጀመረች። የመጀመሪያው ኮርስ ቡድን መምራት ነበር። መምህሯ የሰጧት የቤት ሥራ ቀላል ይመስላል። በአንድ ወር ውስጥ ቡድንሽ የዘጋውን ቲኬት፣ ማለትም ተመዝግቦ የመጣ የሥራ ጥያቄ፣ ቁጠሪ፤ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዋን እጅ ያሳረፍሽበትን ለዪ። ቆጠረች። ከ60 ቲኬት 41ዱ ላይ የእሷ እጅ አለበት። ቁጥሩን ስትነግረኝ ድምጿ ዝቅ አለ። ያንን ያህል አልመሰላትም ነበር።

ከዚያ ሕግ አወጣች። ሌሊት በሚሠራ ሥራ ላይ ኪቦርድ አትነካም። መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈቀድላት። "ምን አየህ? ምን ጠረጠርክ? ቀጥሎ ምን ታያለህ?" የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዷት። አራት ደቂቃ የነበረው 35 ደቂቃ ሆነ። አንድ ጊዜ የተፈቀደው ሰዓት ሊያልፍባቸው ሲል ሥራውን አቋርጠው ወደ ድሮው ራውተር መመለስ ግድ ሆነባቸው። አለቃዋ ተቆጣ። እዚህ ላይ የትምህርቱ ጥቅም ታየኝ። በየሳምንቱ የሆነውን ጽፋ ክፍል ታቀርባለች፤ ሌሎች ተማሪዎችም በየሥራቸው ያንኑ እያዩ ነው። ሥልጠናው ሦስት ቀን ቢሆን ኖሮ በዚያ ሳምንት ትተወው ነበር።

ከእያንዳንዱ የቡድን አባል ጋር በየሁለት ሳምንቱ 30 ደቂቃ ለብቻ መነጋገር ጀመረች። ከታላላቆቹ አንዱ፣ ማዘዝ ነውር የሚመስላት፣ በሦስተኛው ውይይት ላይ "ከመጀመሪያው ብትነግሪኝ ኖሮ የሌሊቱን ፈረቃ እኔ አደራጀው ነበር" አላት። አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ስትደክምበት የነበረ ነገር ነው። በስምንተኛው ወር ቲኬቱን መልሳ ቆጠረች። ከ58 ውስጥ 12። ወጣቱ ልጅ አሁን ራውተር ሲቀይር እሷ አትሄድም።

ሰርተፍኬቱ ያልሸፈነውም ነበር፣ እሱን መደበቅ አይገባም። በ2023 መጨረሻ የኮንትራቱን በጀት እንድታዘጋጅ ተጠየቀች። በመንግሥት ኮንትራት የአንድ ሰው ዋጋ ደመወዙ ብቻ አይደለም። ጥቅማጥቅም አለ፤ የቢሮ ወጪ አለ፤ የጠቅላላ አስተዳደር ወጪ አለ፤ ትርፍ አለ። አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። እሷ ደመወዙን ብቻ ደምራ አቀረበች፤ በስብሰባ ላይ አፈረች። ከአምስቱ ኮርስ አንዱ "ፋይናንስ ለማኔጀሮች" ነበር፤ እስከዚያ ግን አልወሰደችውም፤ ስትወስደውም ላይ ላዩን የሚነካ ነበር። ሥራውን በሁለት ምሳ ሰዓት ያስተማራት የሒሳብ ክፍል ባልደረባዋ ናት።

ሌላው ደግሞ ሥርዓቱ ነው። በክረምት 2024 ሰርተፍኬቱን ስትይዝ የኤችአር ፕሮግራሙ ውስጥ ገብታ ልታስመዘግብ ሞከረች። የትምህርት ደረጃ የሚለው ቦታ ላይ የሚመረጠው `Bachelor's`፣ `Master's`፣ `Doctorate` ነው። ሰርተፍኬት የሚል የለም። አሁንም `Bachelor's` እንደሚል ይገኛል። ደመወዟም በሰርተፍኬቱ ምክንያት አንዲት ዶላር አልጨመረም።

የጨመረው በፒኤምፒው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ለፒኤምፒ የሚጠየቀው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት የፕሮጀክት ትምህርት ነው። "ፕሮጀክት ማኔጀር" የሚል ማዕረግ የግድ አይደለም፤ የቅርንጫፍ ቢሮ ኔትወርክ ከእቅድ እስከ ርክክብ መምራት ይቆጠራል። ከሰርተፍኬቱ አንዱ ኮርስ የፕሮጀክት አመራር ስለነበረ 35ቱን ሰዓት ሸፈነላት፤ ለብቻው አልከፈለችም። ፈተናው ያኔ 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነበር። በመጋቢት 2024 ተፈተነችና አለፈች። በጥቅምት የፕሮጀክት ማኔጀር መደብ ተከፈተ፤ ሰንጠረዡን ሙሉ በሙሉ ስላሟላች ተሰጣት።

በተመሳሳይ ጊዜ አንድ የአጎቷ ልጅ ምክር ጠይቆኝ፣ ለእሱ ግን ተቃራኒውን ነው የነገርኩት። እሱ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ጠቅልሎ አገር ሊገባ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚወጡትን የኃላፊነት ቦታ ማስታወቂያዎች አብረን አየን። ብዙዎቹ ሁለተኛ ዲግሪና ይህን ያህል ዓመት፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ የበለጠ ዓመት ነው የሚሉት። ግራጁዌት ሰርተፍኬት ለዚያ ገበያ ስም የለውም። የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ እዚያ ይዞ የሚቀርበው ወረቀት ዲግሪ ቢሆን ይሻለዋል። ለእሱ ማስተርሱ ትክክል ነው።

እሷ ማስተርሱን አልተወችውም። የኩባንያው ኮንትራት ሲታደስ የፕሮግራም ማኔጀሩ ቦታ ክፍት እንደሚሆን ታውቃለች። የቀራት 21 ክሬዲት፣ ማለትም ሰባት ኮርስ ነው። የስድስት ዓመቱ ገደብ በመጸው 2028 ያበቃል። በ2025 አንድ፣ ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ብትወስድ በክረምት 2028 ትጨርሳለች። ከኪሷ የሚወጣው 450 ዶላር ያህል ነው። ግን አንድ ሴሚስተር ካመለጣት ወይ ክረምት ላይ ጨምራ ትወስዳለች፣ ወይ መጀመሪያ የወሰደችው ኮርስ ይቃጠላል። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፤ ከልጆቹ የትምህርት ቤት ካላንደር ጎን።

በመስከረም 2025 ስድስተኛውን ኮርስ ጀመረች። የመረጠችው ኮስት አካውንቲንግ ነው።